ሪጅና ላሶ፦ ተለዋዋጮች ከናሙና ሲበልጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ተራ ሪግሬሽን ሠርተው የሚያውቁ፣ ነገር ግን የተለዋዋጮቻቸው ብዛት ከናሙናቸው ሲበልጥ መንገዱ የጠፋባቸው ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። መልሱ በአየር ላይ እንዳይቀር ሁሉንም በአንድ ዳታ ላይ እናየዋለን። ዳታው በ R ቋንቋ `pls` ፓኬጅ ውስጥ `gasoline` በሚል ስም ይገኛል። 60 የቤንዚን ናሙናዎች አሉት። ለእያንዳንዱ ናሙና የኦክቴን ቁጥሩ ተመዝግቧል፤ በተጨማሪም ከ900 እስከ 1700 ናኖሜትር በየ2 ናኖሜትሩ ናሙናው ምን ያህል የኒር-ኢንፍራሬድ ብርሃን እንደዋጠ ተለክቷል። ሲቆጠር 401 ተለዋዋጭ ይሆናል። ኦክቴንን በመፈተሻ ሞተር መለካት ጊዜም ገንዘብም ስለሚወስድ፣ የተፈለገው ከብርሃኑ ንባብ ተነስቶ መገመት ነው።

ተራው ሪግሬሽን እዚህ ዳታ ላይ ምን ይሆናል?

ሥራውን የጨረሰ ይመስላል፣ ችግሩም እሱ ነው። `lm` ብትሉት ቢበዛ ለ60 ኮፊሸንቶች ዋጋ ይሰጥና ለቀሩት `NA` ይጽፋል። የቀረው ስህተት ዜሮ ወይም ከዜሮ የማይለይ ይሆናል፤ R² ደግሞ 1 ላይ ይደርሳል። 60 ነጥቦችን ለመግለጽ ከ60 በላይ ነጻ ቁጥሮች ሲኖሩ መፍትሔው አንድ ሳይሆን ስፍር ቁጥር የለውም። ሁሉም የያዛችሁትን ናሙና ያለ ስህተት ይገልጻሉ፤ ነገ ለሚመጣው 61ኛ ናሙና ግን እርስ በርሳቸው የማይገናኝ ግምት ይሰጣሉ።

ነገሩን የሚያባብሰው ጎረቤት የሞገድ ርዝመቶች አንድ ዓይነት ነገር መናገራቸው ነው። በ1208 እና በ1210 ናኖሜትር ያሉት ንባቦች ለዓይን አይለዩም። ስለዚህ ሪግሬሽኑ ለአንዱ ግዙፍ ፖዘቲቭ፣ ለሌላው ግዙፍ ኔጋቲቭ ኮፊሸንት ሰጥቶ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጥቃቅን ልዩነት ያሳድዳል። ያቺ ልዩነት በአብዛኛው የመሣሪያው ኖይዝ ናት። ኮፊሸንቶቹን ስትመለከቱ እጅግ ትልልቅ ሆነው ምልክታቸው ከጎረቤት ጎረቤት እየተገለባበጠ ከሆነ በሽታው ይሄ ነው።

ሪጅና ላሶ በትክክል ምን ያደርጋሉ? ልዩነታቸውስ?

ሁለቱም የስህተቱን ካሬ ድምር ብቻ ከማሳነስ ይልቅ በላዩ ላይ ቅጣት ይጨምራሉ። ሆርል እና ኬናርድ በ1970 ያቀረቡት ሪጅ የኮፊሸንቶቹን ካሬ ድምር ይቀጣል። ቲብሺራኒ በ1996 ያወጣው ላሶ ደግሞ ምልክታቸው ተትቶ የመጠናቸውን ድምር ይቀጣል። ቅጣቱ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚወስነው ላምዳ (λ) ነው። ላምዳ ዜሮ ከሆነ ወደ ተራው ሪግሬሽን እንመለሳለን፤ እጅግ ከገዘፈ ኮፊሸንቶቹ ሁሉ ወደ ዜሮ ይጠጋሉ፤ ግምቱም ለሁሉም ናሙና አማካዩ ኦክቴን ይሆናል።

ካሬ ወይስ መጠን የሚለው ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሰፊ ነው። ለማየት እንዲቀል ተለዋዋጮቹ እርስ በርስ ኮሪሌሽን የላቸውም፣ ሚዛናቸውም እኩል ነው እንበል። ተራው ሪግሬሽን 5፣ 1.2 እና −0.4 የሚሉ ሦስት ኮፊሸንቶች ሰጠ። ላምዳን 1 ብናደርግ ሪጅ እያንዳንዱን ለ1+λ ያካፍላል፦ 2.5፣ 0.6፣ −0.2። ላሶ ከእያንዳንዱ መጠን ላይ 1 ይቀንሳል፤ ከ1 በታች የሆነውን ዜሮ ያደርገዋል፦ 4፣ 0.2፣ 0። ሪጅ ሁሉንም በእኩል መጣኝ አሳነሰ፣ ማንንም ግን አላስወጣም። ላሶ ሦስተኛውን ጨርሶ አስወጣ፣ ትልቁን ግን ብዙም አልነካውም። ተለዋዋጮች የተያያዙ ሲሆኑ ስሌቱ እንዲህ በእጅ አይሠራም፤ ጠባያቸው ግን ይኸው ነው።

ተመሳሳይ ተለዋዋጮች ሲኖሩኝ የትኛውን ልምረጥ?

ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ተለዋዋጮች አሉ እንበል፤ በጋራ ኮፊሸንታቸው 2 መሆን አለበት። ይህን 2 ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ዜሮ ማድረግ ይቻላል፤ 1 እና 1 አድርጎ ማካፈልም ይቻላል፤ 5 እና −3 ማድረግም ይቻላል። ግምቱ በሦስቱም አይለወጥም። የሪጅ ቅጣት በቅደም ተከተል 4፣ 2 እና 34 ነው፤ ስለዚህ ሪጅ ያለጥርጥር እኩል ያካፍላል። የላሶ ቅጣት 2፣ 2 እና 8 ነው። ሁለቱም 5 እና −3 የሚለውን ዓይነት እብደት ይከለክላሉ። ከቀሩት ሁለት መካከል ግን ላሶ ምርጫ የለውም፤ ዳታው ውስጥ ያለች ጥቂት ኖይዝ ወደ አንዱ ትገፋዋለች።

ለዚህ ነው ላሶ በቤንዚኑ ዳታ ላይ በአንድ ሩጫ 1208ን፣ ጥቂት ናሙና ሲቀየር 1212ን የሚመርጠው። ሪጅ ክብደቱን በሰፊው የሞገድ ርዝመት ባንድ ላይ ለስለስ አድርጎ ይዘረጋዋል። ለትንበያ ብቻ ከሆነ፣ እንዲህ ባለ ጎረቤቱ ሁሉ የተያያዘ ዳታ ላይ በእኔ ግምት ሪጅን ሳይሞክሩ ማለፍ ስህተት ነው። ዓላማው ግን 401ዱን ትቶ ጥቂት የሞገድ ርዝመቶችን ብቻ የሚያነብ ርካሽ መሣሪያ መሥራት ከሆነ ላሶ የሚሰጠው ጥቅም ሪጅ ዘንድ አይገኝም። ላሶ ከናሙናው ብዛት በላይ ተለዋዋጭ እንደማይመርጥም አስታውሱ፤ እዚህ ዳታ ላይ ከ60 አያልፍም። መሃል መንገድ የሚሻ ሰው ዙ እና ሄስቲ በ2005 ያቀረቡትን ኢላስቲክ ኔት ይሞክር፤ ሁለቱን ቅጣቶች ስለሚቀላቅል ተመሳሳዮችን አንድ ላይ ያስገባል ወይም አንድ ላይ ያስወጣል።

ላምዳን ለምን በክሮስ-ቫሊዴሽን? ሞዴሉ በሠራበት ዳታ ላይ የተሻለውን ብመርጥስ?

በዚያ መለኪያ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ትንሹ ላምዳ ነው፤ ያውም ኦቨርፊት ያደረገው ራሱ። ፍርዱን መስጠት ያለበት ሞዴሉ ያላየው ናሙና ነው። 60 ናሙና ይዞ ደግሞ ግማሹን ለፈተና ማስቀመጥ አይቻልም፤ ክሮስ-ቫሊዴሽን ሁሉንም ናሙና በየተራ ፈታኝ ያደርገዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። 60ዎቹን በዕጣ በ10 ምድብ እንከፍላለን፣ በእያንዳንዱ 6 ይሆናሉ። አንደኛውን ምድብ አውጥተን በቀሩት 54 ናሙናዎች ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ በተደረደሩ፣ 100 ያህል የላምዳ ዋጋዎች ሞዴሉን እንሠራለን። በእያንዳንዱ ላምዳ የወጡትን 6 ኦክቴኖች እንገምታለን፤ የስህተቱን ካሬ እንመዘግባለን። ይህን ለ10ሩም ምድብ ከደገምን በኋላ ለእያንዳንዱ ላምዳ 10 የስህተት ቁጥሮች ይኖሩናል። አማካያቸው ያ ላምዳ ለአዲስ ናሙና ምን ያህል እንደሚሳሳት ይነግረናል። ላምዳው ከተመረጠ በኋላ ሞዴሉ በ60ዎቹም ላይ እንደገና ይሠራል። 10ሩ ጊዜያዊ ሞዴሎች ይጣላሉ፤ ኮፊሸንታቸውን ማማከል አያስፈልግም።

`lambda.min` ወይስ `lambda.1se`?

ሁለቱም `glmnet` የተባለው የ R ፓኬጅ ከክሮስ-ቫሊዴሽን በኋላ የሚሰጣቸው የላምዳ ምርጫዎች ናቸው። `lambda.min` አማካይ ስህተቱ ዝቅተኛ የሆነው ላምዳ ነው። ሁለተኛው ግን ማብራሪያ ይሻል፤ የምናብ ቁጥሮች እንውሰድ። ዝቅተኛው አማካይ ስህተት 0.060 ሆኖ የተገኘው በላምዳ 0.01 ነው። በዚያ ላምዳ የ10ሩ ምድቦች ስህተት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 0.019 ቢሆን፣ ለ√10 ስናካፍለው ስታንዳርድ ኤረሩ 0.006 ይሆናል። ወሰናችን እንግዲህ 0.066 ነው። በላምዳ 0.02 ስህተቱ 0.063፣ በ0.03 ደግሞ 0.065፣ በ0.05 ግን 0.074 ከሆነ፣ ወሰኑን ሳያልፍ ትልቁ 0.03 ነው፤ `lambda.1se` እሱ ይሆናል።

ሐሳቡ የ0.060 እና የ0.065 ልዩነት ከዕጣው መዛባት የማይለይ ከሆነ ቀለል ያለውን ሞዴል እንውሰድ ነው። ካሬውን ስንፈታ ስህተቱ ከ0.245 ወደ 0.255 ኦክቴን ነው የጨመረው፤ በዚህች ዋጋ የተመረጡት የሞገድ ርዝመቶች ብዙ ጊዜ በግልጽ ይቀንሳሉ። እኔ በላሶ ተለዋዋጭ ስመርጥ 1se ይሻለኛል። በሪጅ ለትንበያ ስሠራ ግን ምንም ተለዋዋጭ ስለማይወጣ ከ`lambda.min` የምርቅበት ምክንያት አይታየኝም።

በ R እንዴት ይሠራል?

```r
library(pls); library(glmnet)
data(gasoline)
X <- unclass(gasoline$NIR)
y <- gasoline$octane
set.seed(1)
fold <- sample(rep(1:10, each = 6))
lasso <- cv.glmnet(X, y, alpha = 1, foldid = fold)
ridge <- cv.glmnet(X, y, alpha = 0, foldid = fold,
                   lambda = 10^seq(3, -4, length.out = 100))
plot(lasso); plot(ridge)
sum(coef(lasso, s = "lambda.1se") != 0) - 1
```

`foldid` የተሰጠው ሁለቱም በአንድ ዓይነት ምድብ እንዲፈተኑ ነው፤ አለበለዚያ አንዱ የበለጠው በዕጣ ይሁን በብቃት አይታወቅም። የመጨረሻው መስመር ላሶ ስንት የሞገድ ርዝመት እንዳስቀረ ይቆጥራል፤ ከላዩ የሚቀነሰው 1 ቋሚው ቁጥር ነው።

ለሪጅ የላምዳ ዝርዝር ለብቻ የሰጠሁት በምክንያት ነው። ተለዋዋጮች ከናሙና ሲበልጡ `glmnet` በራሱ የሚያወጣው ዝርዝር ከትልቁ ላምዳ 1/100 ላይ ይቆማል። ለሪጅ የሚነሳበት ትልቁ ላምዳ ደግሞ እጅግ ግዙፍ ስለሆነ፣ 1/100ኛውም ገና ከባድ ቅጣት ሊሆን ይችላል። ያኔ የስህተቱ መስመር እየወረደ ሳለ ግራፉ ያልቃል፤ ሪጅም ያለጥፋቱ ደካማ ይመስላል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የተመረጠው ላምዳ ከዝርዝሩ ጫፍ ጋር እኩል ከሆነ አላገኛችሁትም፤ ዝርዝሩን በዚያ በኩል አስረዝሙት። መስመሩ ወርዶ፣ ዝቅ ብሎ፣ እንደገና ሲወጣ ማየት አለባችሁ።

ባስኬድኩት ቁጥር ላምዳው ይለያያል። ምን አጠፋሁ?

ምንም። ምድቡ በዕጣ ነው፤ ናሙናው ደግሞ ጥቂት። ስድስት ናሙና ባለው ምድብ ውስጥ አንድ ያልተለመደ ቤንዚን ቢገባ የዚያን ምድብ ስህተት ብቻውን ያዛባዋል። `set.seed` ውጤቱን ይደግመዋል እንጂ አያረጋጋውም፤ ደስ ያለንን ዘር እስክናገኝ እየቀያየሩ መሞከር ደግሞ ራስን ማታለል ነው። የሚሻለው ክሮስ-ቫሊዴሽኑን በተለያየ ምድብ ለምሳሌ 50 ጊዜ ደግሞ፣ በአንድ ቋሚ የላምዳ ዝርዝር ላይ የስህተቶቹን አማካይ ወስዶ ከዚያ መምረጥ ነው። በነገራችን ላይ የስህተቱ መስመር በዝቅተኛው ቦታ ሰፊና ለጥ ያለ ከሆነ ላምዳው ሁለት ሦስት እጥፍ ቢለያይም ትንበያው ብዙም አይነካም፤ ጭንቀቱ የሚገባው የተመረጡት ተለዋዋጮች ሲቀያየሩ ነው።

ተለዋዋጮችን ወደ አንድ ሚዛን ማምጣት ግዴታ ነው?

በአብዛኛው አዎ። ቅጣቱ የሚያየው የኮፊሸንቱን መጠን ነው፤ ርዝመትን ከሜትር ወደ ሚሊሜትር ብትቀይሩ ኮፊሸንቱ በ1000 ያንሳል፤ ቅጣቱም በዚያው ይቀልለታል። መለኪያ ስለተቀየረ ብቻ ሞዴሉ መቀየር የለበትም። `glmnet` ራሱ ሚዛኑን ያስተካክልና ኮፊሸንቱን በመጀመሪያው መለኪያ መልሶ ይሰጣል። የፓይተኑ `scikit-learn` ግን ይህን አያደርግም፤ `StandardScaler` መጨመር የእናንተ ሥራ ነው።

የብርሃን ንባብ ግን ለየት ይላል። 401ዱም በአንድ መለኪያ የተለኩ ናቸው። አንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ላይ ቤንዚኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የሚታየው መለዋወጥ ኖይዝ ብቻ ነው፤ ሚዛን ስናስተካክል ያንን ኖይዝ ከእውነተኛው ባንድ ጋር እኩል እናገዝፈዋለን። ስለዚህ `standardize = FALSE` ብሎም መሞከር፣ ሁለቱንም በአንድ `foldid` ማወዳደር ተገቢ ነው።

መጀመሪያ ከኦክቴን ጋር ኮሪሌሽን ያላቸውን መርጬ ከዚያ ክሮስ-ቫሊዴሽን ብሠራ ጊዜ አይቆጥብልኝም?

ጊዜ ይቆጥባል፣ ውጤቱን ግን ከንቱ ያደርገዋል። ከሁሉም ጥያቄ በላይ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ የሚወድቀውም ኮዱ ምንም ሳያጉረመርም ነው።

ሄስቲ፣ ቲብሺራኒ እና ፍሪድማን ይህን በግልጽ ያሳዩበት ሙከራ አለ። 50 ናሙናዎችን በሁለት እኩል ክፍል መደቡ፤ ከምድቡ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው 5000 ተለዋዋጮችን በዕጣ ፈጠሩ። ማንም ሞዴል እዚህ ላይ ከሳንቲም መወርወር ሊሻል አይችልም፤ ትክክለኛው የስህተት መጠን 50 በመቶ ነው። ከዚያ በ50ዎቹም ናሙናዎች ተጠቅመው ከምድቡ ጋር ይበልጥ የሚሄዱትን 100 ተለዋዋጮች መረጡ፤ ክሮስ-ቫሊዴሽኑን የሠሩት በነዚያ 100 ላይ ነው። ያገኙት ስህተት በአማካይ 3 በመቶ ነበር። ከ5000 መካከል በአጋጣሚ የሚገጥሙ አይጠፉም፤ እነሱ ሲመረጡ ደግሞ በኋላ ፈታኝ የሚሆኑት ናሙናዎችም ድምፅ ሰጥተዋል። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት መልሱ ወጥቷል ማለት ነው።

ደንቡ አንድ ነው፦ y እጁ ያለበት ማንኛውም እርምጃ በየምድቡ ውስጥ፣ በ54ቱ ላይ ብቻ፣ እንደ አዲስ መደገም አለበት። y ያልገባበት ማጣሪያ፣ ለምሳሌ ምንም የማይለዋወጡ ተለዋዋጮችን ማስወገድ፣ ይህን ያህል አያሳስብም። ከአንድ ናሙና ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የተወሰደ ንባብ ካላችሁም ሁሉም በአንድ ምድብ ይግቡ። አንዱ ንባብ ሥልጠና ላይ፣ መንትያው ፈተና ላይ ከዋለ ሞዴሉ ያንኑ ቤንዚን ሁለቴ ነው ያየው። እንደዚህ ዓይነቱን ፍሳሽ የሚያስጠረጥረው ውጤቱ ከማጣቀሻ መለኪያው ስህተት በታች ሲወርድ ነው፤ ሞዴል ከተማረበት ቁጥር የበለጠ ትክክል ነኝ ካለ አትመኑት።

ዝቅተኛውን የክሮስ-ቫሊዴሽን ስህተት የሞዴሌ ስህተት ብዬ ልዘግብ?

ትንሽ ያሞካሻል። ከ100 ላምዳዎች ዝቅተኛውን የመረጣችሁት በዚያው ቁጥር ስለሆነ ዕድልም ተጨምሮበታል። አንድ ላምዳ ብቻ ሲመረጥ ማሞካሸቱ ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው። ላሶን፣ ሪጅን፣ ኢላስቲክ ኔትን፣ ሚዛን ማስተካከልና አለማስተካከልን ሁሉ አወዳድሮ አሸናፊውን መዘገብ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ውጪያዊ ዙር ጨምሩ፦ 6 ናሙና ይውጣ፤ በቀሩት 54 ላይ የላምዳና የዘዴ ምርጫው ሙሉ በሙሉ በውስጣዊ ክሮስ-ቫሊዴሽን ይሠራ፤ የመጨረሻው ሞዴል በወጡት 6 ላይ ይፈተን፤ ይህም 10 ጊዜ ይደገም። የሚዘገበው የውጪው ዙር ስህተት ነው።

ላሶ የመረጣቸው የሞገድ ርዝመቶች ኦክቴንን የሚወስኑት ናቸው ማለት ነው?

አይደለም። ሆኖም ኬሚስትሪውን ማየት ይጠቅማል። በ1195 ናኖሜትር ገደማ የሜቲል፣ በ1210 ገደማ የሜቲሊን ቡድኖች ብርሃን ይውጣሉ። ቅርንጫፍ የበዛበት ሃይድሮካርቦን ሜቲሉ ይበዛል፣ ኦክቴኑም ከፍ ይላል፤ ረጅምና ቀጥ ያለው ደግሞ ሜቲሊን ይበዛበታል፣ ኦክቴኑም ይወርዳል። ላሶ በዚህ አካባቢ ቢመርጥ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን 1208 ተመርጦ 1210 መቅረቱ ስለ 1210 የሚናገረው ነገር የለም። ናሙናውን ደጋግማችሁ በዕጣ እየወሰዳችሁ ላሶን አሂዱ፤ የእያንዳንዱን ሳይሆን የባንዱን የመመረጥ ድግግሞሽ ቁጠሩ።

የተመረጡትን ወስዶ በተራው ሪግሬሽን ውስጥ አስገብቶ ፒ-ቫልዩ ማውጣትም አይሠራም። ፒ-ቫልዩው ተለዋዋጮቹ ዳታው ሳይታይ እንደተመረጡ ስለሚቆጥር ያለቅጥ ትንሽ ይወጣል።

የ R ላምዳዬን በፓይተን `alpha` ላይ ብጽፈው ለምን ሌላ ውጤት ይሰጣል?

ቀመሩ ስለሚለያይ ነው። በ`scikit-learn` ላሶ የስህተቱን ካሬ ድምር ለ2n ያካፍላል፣ እንደ `glmnet`፤ `Ridge` ግን በምንም አያካፍለውም፤ ስለዚህ በአንዱ ትልቅ የሆነው ቁጥር በሌላው ትንሽ ነው። በ`glmnet` ደግሞ `alpha` የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን የላሶና የሪጅ ድርሻ ነው። ቁጥሩን ከማሸጋገር በአዲሱ ሶፍትዌር ክሮስ-ቫሊዴሽኑን እንደገና ማስኬድ ይቀላል። `RidgeCV` በራሱ የሚሞክረው 0.1፣ 1 እና 10ን ብቻ ስለሆነ ሰፊ ዝርዝር ስጡት።